ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

ሐሙስ ማታ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ መጥታ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብላ ተቀመጠች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ኦፈር ደረሰኝ» አለች። እልል ልል ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ እህቴ። ይኼ የምፈልገው ቦታ አይደለም። የምፈልገው ቦታ የመጨረሻው ኢንተርቪው የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። እነዚህ ደግሞ እስከ ረቡዕ መልስሽን አሳውቂን ብለውኛል።»

በአንድ ቀን ተላለፉ ማለት ነው። ልጅቷ ሙያዋ የዳታ ትንተና ነው። ኦፈሩን የላከላት የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት ሲሆን ደመወዙ በዓመት 96 ሺህ ዶላር ነው። ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እዚያ የመጀመሪያውን የስልክ ጥሪ አልፋለች፣ ከኃላፊው ጋር ተነጋግራለች፣ የሰጧትን የቤት ሥራ ሠርታ አስገብታለች፤ የቀራት ከአራት ሰዎች ጋር የሚደረገው የመጨረሻው ኢንተርቪው ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ይቺ ልታስፈራራን ነው አይሉኝም?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ የአገሬ ልጆች ሰምቼዋለሁ። የእኔ ሥራ ለድርጅቶች ሠራተኛ መመልመል ነው፤ እዚህ ሪክሩተር የምንባለው ነን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ ኦፈር እንዳላቸው የነገሩኝ ብዙ ናቸው፤ በትክክል በነገረኝ ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። ያዘንኩት ባልነገሩኝ ነው። ለአንድ ሰው «ተቀብለንሃል» ልል ስደውል «ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ፈረምኩ» ሲለኝ፣ ቀኑን ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ በሦስት ቀን እጨርስለት እንደነበር አውቃለሁ።

እኛ ሥራ የሚሰጥን ሰው እንደ ጥንቱ ጌታ እናየዋለን። ደጅ ጠንተን፣ ጊዜው ሲደርስ ይጠራናል ብለን እንጠብቃለን። አሜሪካ ውስጥ ግን ቅጥር የሁለት ወገን የጊዜ ቀጠሮ ነው። አንዱ ወገን የራሱን ቀን ካልተናገረ ሌላው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ጊዜው የት ነው የሚሄደው?

መናገር ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት መጀመሪያ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ለሚጠብቅ ሰው ዝምታው እያመዛዘኑ ያሉ ያስመስላል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምንም እያመዛዘነ አይደለም። ፋይሉ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ወረፋ የቀን መቁጠሪያ ነው። የአራት ሰዎችን ነፃ ሰዓት አንድ ሳምንት ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ሁሉም በሚመቸው ቀን ይያዛል። ሁለተኛው የአስተያየት ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ጠያቂ ከኢንተርቪው በኋላ የታዘበውን ጽፎ ማስገባት አለበት፤ የሚያስታውሰው ካላገኘ ሦስትና አራት ቀን ያሳድረዋል። ሦስተኛው ሁሉም ተሰብስበው የሚወስኑበት ስብሰባ ነው። አራተኛው የደመወዙ ማጽደቂያ ነው፤ ኃላፊው «ትቀጠር» ካለ በኋላ እንኳ የገንዘብ ክፍሉ ወይም የበላይ አለቃው ፊርማ ይጠበቃል።

ሪክሩተሯ ዳኛ አይደለችም፤ ይቀጠር ወይም አይቀጠር ብላ አትወስንም። በእጇ ያለው ሥልጣን እነዚህን አራት ወረፋዎች ማንቀሳቀስ ነው። ለዚህ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋታል። ሥራ የበዛበትን ኃላፊ «እባክህ ሰኞ አንድ ሰዓት ስጠኝ» ብትለው «ሐሙስ ይሁን» ይላታል። «እስከ ረቡዕ ካልወሰንን ልጅቷ ትሄዳለች» ብትለው ግን ሰዓት ይገኛል። የአመልካቹ ቀነ ገደብ ለሪክሩተሯ የሥራ መሣሪያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የማይንቀሳቀስ ወረፋም አለ። የፌዴራል መንግሥት ቅጥር የራሱ ሕግና ቅደም ተከተል አለው። የመንግሥቱ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ራሱ ለአንድ ቅጥር እንደ ግብ ያስቀመጠው ጊዜ 80 ቀን ነው፤ የእርስዎ የረቡዕ ቀጠሮ ይህን አያሳጥረውም። እንደ ጉግል ያሉ ድርጅቶች ደግሞ ጠያቂዎቹ ከጨረሱ በኋላ ፋይሉን ለሌላ የቅጥር ኮሚቴ ያቀርባሉ፤ እዚያ ላይ ጥቂት ቀን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ እንጂ ደረጃውን መዝለል አይቻልም። አገር ቤትም ውሳኔው በኮሚቴና በቃለ ጉባኤ በሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የፈተናው ቀን በብዙ ተፈታኞች የተያዘ ስለሆነ ለአንድ ሰው ተብሎ አይለወጥም።

ገና ማመልከቻ ብቻ አስገብቶ ማንም ያላነጋገረው ሰውም ቢናገር ብዙ አይጠቀምም። ያን ጊዜ ድርጅቱ ውስጥ የሚሟገትለት ሰው ስለሌለ ቀላሉ መልስ «መልካም ዕድል» ነው። ቀነ ገደብ ጉልበት የሚያገኘው ውስጥ ያለ አንድ ሰው፣ በተለይ ኃላፊው፣ አመልካቹን ማጣት የማይፈልግበት ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ደረጃ ላይ ደርሳለች፤ የቤት ሥራዋን አይተው ለመጨረሻው ዙር ጠርተዋታል።

ደብዳቤው

ያን ማታ መጀመሪያ ያደረግነው የኦፈሩን ደብዳቤ እንደገና ማንበብ ነበር። «ረቡዕ 5:00» ይላል እንጂ የየት ሰዓት እንደሆነ አይልም። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ካሊፎርኒያ ነው፤ እዚያ 5 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ጠይቃ እንድታረጋግጥ ነገርኳት። ከዚያ የሥራ ቀኖቹን ቆጠርን። ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ አራት ብቻ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ለሪክሩተር የሞቱ ቀኖች ስለሆኑ ደብዳቤው ዓርብ ጠዋት መድረስ አለበት።

ለሪክሩተሯ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ከሌላ ድርጅት በጽሑፍ የሥራ ኦፈር ደርሶኛል፤ መልስ እንድሰጥ የተሰጠኝ ጊዜ እስከ መጪው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። የእናንተ ቡድን የሚሠራው ሥራ ወደ ኋላ ልተወው የማልፈልገው ስለሆነ ከመወሰኔ በፊት ሂደቱን ከእናንተ ጋር መጨረስ እመርጣለሁ። ለሐሙስ የተያዘውን ኢንተርቪው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማድረግ ይቻል ይሆን? ሁለቱንም ቀን ሙሉ ነፃ ነኝ፤ በተለያየ ሰዓት ተከፋፍሎ ቢሆንም ይመቸኛል። ካልተቻለም ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ፤ በዚያው መሠረት እዘጋጃለሁ።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በርዕሱ ላይም «የረቡዕ ቀነ ገደብ» የሚለው እንዲታይ አደረግን። ይህ ኢሜይል ሪክሩተሯ ጋር አይቀርም፤ ለኃላፊው እንዳለ ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው በስልኩ ላይ በአንድ ትንፋሽ አንብቦ «ምን ላድርግ?» የሚለውን እንዲረዳው ሆኖ መጻፍ አለበት። ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሌላ ኦፈር አለኝ፣ እባካችሁ ፍጠኑ» የሚል ደብዳቤ ቀን የለውም፣ ጥያቄም የለውም። ኃላፊው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

ያስቀረናቸው ነገሮችም ነበሩ። የድርጅቱን ስም አልጻፈችም፤ የመጻፍ ግዴታ የለባትም። 96 ሺህ የሚለውንም አልጻፈችም። «ቢያንስ ደመወዙን ቢያውቁ አይሻልም?» ብላኝ ነበር። አይሻልም። አሁን የምትለምነው ጊዜ ነው። ገንዘብ ከጨመረችበት ጉዳዩ ከቀን መቁጠሪያ ወጥቶ ወደ ድርድር ይገባል፤ ድርድር ደግሞ ራሱ ሌላ ወረፋ ነው። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቀጣሪዎች የደመወዙን ክልል በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፉ በሕግ ታስገድዳለች፤ የሁለተኛው ድርጅት ማስታወቂያም ከ104 እስከ 122 ሺህ ይላል። የሚያዋጣ መሆኑን ካወቀች የራሷን ቁጥር በማይጠቅማት ጊዜ ምን አስወጣት?

«መሥራት የምመርጠው ከእናንተ ጋር ነው» የሚለው ግን መጻፍ ነበረበት፤ እውነት ነውና። ሪክሩተሮች ይህን ዓረፍተ ነገር እንፈልገዋለን። ኃላፊው የሚጠይቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «ብንቸኩልላት ትመጣለች?» የሚል ነው። መልስ ከሌለን አራት ሰው ከሥራው አናነሳም። እውነት ካልሆነ ግን አይጻፍ፤ «ሁለቱንም አወዳድሬ መወሰን እፈልጋለሁ» ማለትም ክብር ያለው መልስ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው በድርጅቱ ውስጥ ለምትሠራ ሪክሩተር ነው። በመሃል ያለ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሆነ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ ኤጀንሲው የሚከፈለው ሰውየው ሲቀጠር ነው፤ ክፍያውም የሚታሰበው ከዓመት ደመወዙ በመቶኛ ነው። ቀነ ገደቡን በደስታ ያስተላልፍልዎታል፤ «ያኛውን ተወው» የሚል ምክሩን ግን የራሱ ጥቅም ያለበት አድርገው ይስሙት።

ሁለተኛው በር

ዓርብ ጠዋት ሌላም ደብዳቤ ተልኳል፤ ይኼኛው ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ነው። አመስግና፣ ውሳኔው ትልቅ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ዓርብ ጊዜ እንዲሰጧት ጠየቀች። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የሚያስታውሰውም በመጨረሻው ቀን ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ትንሽ ቀን ጨምሩልኝ» የሚል ሰው ሌላ ቦታ መልስ እየጠበቀ እንዳለ ማንም ያውቃል። ከአምስት ቀን በፊት የሚጠይቅ ግን የሚያስብ ሰው ነው።

የእነርሱ ሪክሩተር እስከ ሐሙስ ቀትር ብቻ ጨመረላት። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ በኋላ ግን ሁሉን ነገር ያዳነው እርሱ ነው።

መልሱን ማንበብ

ከሁለተኛው ድርጅት ዓርብ ከቀትር በፊት ስልክ ተደወለ። «ሰኞ ሦስቱን፣ ማክሰኞ ጠዋት አራተኛውን ማድረግ እንችላለን። ይመችሻል?» አለቻት። ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት መልሱ ውስጥ ያለውን ሰዓት ነው። በመልሱ ውስጥ ቀንና ሰዓት ካለ ውስጥ የሚፈልግዎት ሰው አለ።

ሌላ ዓይነት መልስም አለ። «ሁኔታውን እንረዳለን፤ ሂደታችን ግን ሁለት ሳምንት ይወስዳል» ከተባለ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይቻላል፦ «ከዚህ ውስጥ ቀድሞ ሊያልቅ የሚችል ደረጃ አለ?» የለም ከተባለ እውነትም የማይንቀሳቀስ ወረፋ ነው፤ ወይም ፊት ለፊት ያለ ሌላ አመልካች አለ። እኔ ራሴ ይህን መልስ የሰጠሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ አንደኛ የመረጥነው ሰው ኦፈራችንን ይዞ እያሰበ ነበርና ሁለተኛውን መቅጠርም ማሰናበትም አንችልም ነበር።

ሦስተኛው መልስ «ያኛውን መቀበል ካለብህ እንረዳሃለን» የሚለው ነው። ይህ በትህትና የተሸፈነ አይሆንም ነው። ብዙ ሰው ግን ደግነት መስሎት ተስፋ ያደርጋል፤ በእጁ ያለው ቀን እስኪያልፍ። ምንም መልስ ካልመጣ ደግሞ ከአንድ የሥራ ቀን በኋላ ስልክ መደወል ተገቢ ነው። ከዚያም ዝም ካሉ ዝምታው መልስ ነው።

የሌለ ኦፈር

እዚህ ላይ ለምን በውሸት አይሞከርም የሚል ይኖራል። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት «እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ» አለኝ። አምኜው ስብሰባ አዛወርኩ፣ ጠያቂዎችን ለመንኩ። ዓርብ ዕለት ኃላፊው አሁንም ሁለት ቀን እንደሚፈልግ ስነግረው፣ ወጣቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ «እስከ ማክሰኞ ተራዝሞልኛል» ብሎ መለሰ። ማክሰኞም እንደገና ተራዘመ። በፈለግነው ጊዜ የሚራዘም ቀነ ገደብ ቀነ ገደብ አይደለም። ኃላፊው «ደብዳቤውን ያሳየን» አለ፤ የድርጅቱ ስምና ደመወዙ ተሸፍኖም ቢሆን። ወጣቱ ጠፋ።

ችሎታው ጥሩ ነበር፤ ሳንቸኩል ብንሄድ ይቀጠር ነበር ብዬ አምናለሁ። ያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በአመልካቾች መዝገባችን ላይ ከማስታወሻ ጋር ቀርቷል። ከዚህም የከፋው፣ የሌለ ኦፈር ሲጠቀሱ «እንግዲያው መልካም ዕድል» ቢባል መመለሻ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኦፈር ሳይኖር፣ ግን ሊመጣ ሲል፣ እውነቱን መናገር በቂ ነው፦ «ሌላ ቦታ የመጨረሻ ዙር ላይ ነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ እጠብቃለሁ።» እንዲያውም ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመን ይህ ቀድሞ የመጣ ወሬ ነው።

ረቡዕ ማታ

የአክስቴ ልጅ ሰኞና ማክሰኞ ተፈተነች። ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሪክሩተሯ ደወለችላት፦ «ቡድኑ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል። የደመወዙ ፊርማ ብቻ ቀርቷል።»

ወዲያው ወደ እኔ ደወለች። «አለቀ እኮ! ለእነዚያኞቹ አይሆንም ልበላቸው?»

«አትበያቸው» አልኳት። «በእጅሽ ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ ሌላው ድምፅ ነው።»

በስልክ የተነገረ ቃል በቅን ልብ የተነገረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያልተፈረመ ደመወዝ ሊቀንስ፣ ቦታው በበጀት ምክንያት ሊታገድ ይችላል። በአብዛኛው የአሜሪካ የግል ድርጅት ቅጥር ሁለቱም ወገን በፈለጉት ጊዜ መለያየት ስለሚችሉ፣ የተፈረመ ኦፈር እንኳ ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ያልተጻፈማ ከቶ ምን ይዞ? ስለዚህ ለሪክሩተሯ «በጣም ደስ ብሎኛል። የእኔ የመጨረሻ ሰዓት ነገ ቀትር ነው፤ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ ወዲያው እፈርማለሁ» ብላ መለሰችላት።

ያ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም። «ደብዳቤው ባይመጣስ?» ብላ ስትጠይቀኝ የኢንሹራንሱን እንደምትፈርም አስቀድመን ወስነን ነበር። በማይጠሉት ሥራ ላይ የተጻፈ ኦፈር ይዞ፣ በሚወዱት ላይ ባዶ እጅን መቅረት ዋጋው ከባድ ነው። አንዱን ፈርሞ ሌላውን መጠበቅንም አንስተን ጥለነዋል። ብዙ ጊዜ በሕግ አያስጠይቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ለሌሎቹ አመልካቾች «ቦታው ተይዟል» ከተባለ በኋላ የሚቀር ሰው በዚያ ድርጅት ዘንድ ለረጅም ጊዜ አይረሳም።

ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ደብዳቤው ደረሰ፤ 110 ሺህ ዶላር። አንብባ ፈረመች። ከዚያ ቀትር ሳይሞላ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ራሷ ደውላ አመሰገነች፣ ሌላ እንደመረጠች ነገረቻቸው። ያለችበትን ሥራ ግን ያን ቀን አልለቀቀችም። ደብዳቤው ቅጥሩ የሚጸናው የጀርባ ማጣሪያው ሲያልፍ ነው ይላልና፣ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቃ ነው መልቀቂያዋን ያስገባችው። አገር ቤት ላለ አንባቢ ደግሞ እዚህ ላይ የሚታሰብ ሌላ ቀን አለ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለአዲሱ ቀጣሪ መቼ እንደሚወስኑ ብቻ ሳይሆን መቼ መጀመር እንደሚችሉም አብረው ይንገሩ።

እሑድ ቡና ላይ ስንገናኝ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስልኳ ላይ አውጥታ እንደገና አነበበችው። «ይቺን ነው የፈራሁት?» አለች። ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። እርሷ ባትጽፈው ኖሮ ግን ሐሙስ የተያዘው ኢንተርቪው ሐሙስ ይቀር ነበር፤ ረቡዕ ማታም የማትወደውን ትፈርም ነበር። በሌላው በኩል ያለችው ሪክሩተርም ለምን እንዳጣቻት ሳታውቅ ትቀር ነበር።